የታክስ መሠረት ምንድን ነው? ከምጣኔውስ በምን ይለያል?

ስለ ታክስ ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ፐርሰንት ነው?» ብሎ ነው። 10 ከሆነ ጥሩ፣ 20 ከሆነ ዘረፋ። ቀጥሎ መምጣት የነበረበትን ጥያቄ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም፦ የምኑ ፐርሰንት?

ይህ «የምኑ» የታክስ መሠረት ይባላል። ታክሱ የሚሰላበት ጠቅላላ መጠን ማለት ነው። የገቢ ግብር ላይ ግብር የሚከፈልበት ገቢ፣ የሽያጭ ታክስ ላይ ታክስ ያለበት ግዢ ሁሉ፣ የንብረት ግብር ላይ የተገመተው የቤትና የመሬት ዋጋ ነው። ምጣኔ ደግሞ ከዚያ ላይ የሚቆረጠው መቶኛ ነው። መንግሥት የሚያገኘው ሁለቱ ተባዝተው ነው፣ ስለዚህ አንዱ ከቀነሰ ያንኑ ገንዘብ ለማግኘት ሌላው ከፍ ማለት አለበት።

በቁጥር እንየው። በአንድ አገር ሰዎች በዓመት በጠቅላላ 1000 ሚሊዮን ያወጣሉ፣ መንግሥት ደግሞ ከዚያ 100 ሚሊዮን ይፈልጋል እንበል። ሁሉም ግዢ ታክስ ካለበት 10 በመቶ ይበቃል። አሁን አንድ የምክር ቤት አባል ይነሳና «ምግብ ላይ ታክስ መጣል ነውር ነው» ይላል። ማን ይቃወመዋል? ምግብ የ200 ሚሊዮን ግዢ ነበር፣ ወጣ። መሠረቱ 800 ሆነ። ያው 100 እንዲገኝ ምጣኔው 12.5 በመቶ መሆን አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የ200 ሚሊዮን ግዢ በሌላ መልካም ምክንያት ነፃ ይወጣል፤ 600 ይቀራል፣ ምጣኔው ወደ 16.7 ገደማ ይደርሳል። ለሦስተኛ ጊዜ ሌላ 200 ሲወጣ 400 ብቻ ቀርቶ ምጣኔው 25 በመቶ ይገባል።

ጭማሪውን ልብ በሉት። ሦስቱም ጊዜ የተነሳው እኩል 200 ነው፤ የመጀመሪያው ምጣኔውን በ2.5፣ ሁለተኛው በ4.2፣ ሦስተኛው በ8.3 ነጥብ ሰቀለው። መሠረቱ በጠበበ ቁጥር እያንዳንዱ አዲስ «ነፃ ይሁን» ከቀደመው ይከብዳል። ሦስተኛው ጠያቂ ግን የሚለው «ለነዚያ ፈቅዳችሁ ለእኔ ትከለክላላችሁ?» ነው። ምን ብለህ ትመልስለታለህ?

ደግሞ «ነፃ» የተባለው ሰው በእርግጥ ነፃ ወጥቷል ወይ? ከሚያወጣው 100 ውስጥ 20ውን ለምግብ የሚያውል ቤተሰብ ውሰዱ። በፊት 10 ይከፍል ነበር። ምግብ ነፃ ከወጣ በኋላ በቀረው 80 ላይ 12.5 በመቶ ይከፍላል፣ ያውም 10 ነው! ምግብ ላይ የተነሳለት ሌላው ዕቃ ላይ ተጨመረበት። የሚያየው ግን የተነሳለትን ብቻ ነው።

እርግጥ ለሁሉም ሰው እንዲህ አይደለም። ከ100 ውስጥ 50 ለምግብ የሚያወጣ ድሃ ቤተሰብ አሁን የሚከፍለው 6.25 ብቻ ስለሆነ በትክክል ይጠቀማል። እኔም ይህን አልክድም። ችግሩ መንገዱ ውድ መሆኑ ላይ ነው። 1000 አውጥቶ 100ውን ለምግብ የሚያውል ሀብታም ምግቡ ላይ 10 ሲቀርለት ለድሃው የቀረለት 5 ነው፤ ለድሃው ተብሎ የተነሳው ታክስ ለሀብታሙ በገንዘብ እጥፍ ደረሰው ማለት ነው። ምግቡን ታክስ አስከፍሎ ለድሃው 5ቱን በቀጥታ መስጠት ይረክሳል። ይህ የሚሠራው ግን መንግሥት ድሃው ማን እንደሆነ ካወቀና ገንዘቡን እጁ ላይ ማድረስ ከቻለ ነው፣ ካልቻለ ምግብን ነፃ ማድረጉ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ከፍ ያለ ምጣኔ ሌላም ጣጣ አለው። 10 በመቶ ላይ ታክስ ለመሸሽ የሚደክም ሰው ብዙ አይደለም። 25 በመቶ ላይ ግን «ያለ ደረሰኝ ልስጥህ?» የሚለው ነገር ለሻጭም ለገዢም ያዋጣል፣ ይህ ደግሞ መሠረቱን ያለ ማንም ፈቃድ እንደገና ያጠበዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች እንደሚያሰሉት ታክስ የሰውን ምርጫ በማዛባት የሚያደርሰው ጉዳት በግምት በምጣኔው ስኩዌር ልክ ያድጋል። ምጣኔው እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ከዚያ ደግሞ የድንበር ጭቅጭቁ አለ። በብሪታንያ ኬክ ቫት የለበትም፣ በቸኮሌት የተሸፈነ ብስኩት ግን አለበት። «ጃፋ ኬክስ» የሚባለው ምርት ታዲያ ኬክ ነው ብስኩት? ጉዳዩ በ1991 እ.ኤ.አ. የታክስ ችሎት ደረሰ። ከቀረቡት ነጥቦች አንዱ ኬክ ሲያድር ይደርቃል፣ ብስኩት ሲያድር ይለሰልሳል፣ ይህኛው ይደርቃል የሚል ነበር። ኬክ ነው ተብሎ ተፈረደ። ሁሉም ምግብ እኩል ቢታይ ኖሮ ይህን ሁሉ መከራከር ባላስፈለገ።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ ኒው ዚላንድ አለች። በ1986 እ.ኤ.አ. የዕቃና አገልግሎት ታክስ ስትጀምር ምግብን ጨምሮ ሁሉንም ማለት ይቻላል አስገባች፣ ከውጪ የቀሩት የመኖሪያ ቤት ኪራይና አብዛኛው የፋይናንስ አገልግሎትን የመሳሰሉ ጥቂት ነገሮች ናቸው። ምጣኔው በ10 በመቶ ተነስቶ አሁን 15 ነው። ብሪታንያ 20 በመቶ ታስከፍላለች፣ አብዛኛው ምግብ፣ የልጆች ልብስና መጻሕፍት ግን ዜሮ ናቸው። ከኢኮኖሚው ስፋት አንፃር ሲታይ ታዲያ ከዚህ ታክስ የበለጠ የምትሰበስበው ባለ 15ቷ ናት።

አሜሪካም በዚያው በ1986 እ.ኤ.አ. በገቢ ግብር ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠርታለች። ብዙ ተቀናሾችንና መሸሸጊያዎችን ዘጋችና ከፍተኛውን የግለሰብ ምጣኔ ከ50 ወደ 28 በመቶ አወረደች። ሕጉ የታሰበው የመንግሥት ገቢ ሳይጨምርም ሳይቀንስም እንዲቆይ ነበር። ስምምነቱ ግን ዕድሜ አልነበረውም፣ በ1993 የወጣው ሕግ ከፍተኛውን ምጣኔ 39.6 አደረሰው።

የአንድ አገር መሠረት ምን ያህል እንደጠበበ ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ። ሕጉ 15 በመቶ ይላል፣ የሕዝቡ ጠቅላላ ፍጆታ ያለ ታክሱ 2000 ሚሊዮን ነው፣ የተሰበሰበው 150 ሚሊዮን ነው እንበል። 150 ለ2000 ሲካፈል 7.5 በመቶ ይሆናል። የሕጉ ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ግማሹ መሠረት የለም። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን ጠፋ የተባለው ግማሽ በሕግ ነፃ የተደረገ ይሁን ተሰውሮ ያልተከፈለ አይለይም። ለመለየት በሕግ ነፃ የተደረጉትን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ስንት እንዳስቀሩ ማስላት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሂሳብ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ባለሥልጣን የነበረው ስታንሊ ሰሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «የታክስ ወጪ» ብሎ ሰይሞታል። «ወጪ» ያለው መንግሥት ሳይሰበስብ የተወው ገንዘብ ሰብስቦ ከሰጠው ስለማይለይ ነው፣ የሚለየው በጀት ላይ ስለማይጻፍ ማንም በየዓመቱ እጁን አውጥቶ አለማጽደቁ ነው።