«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ትርጓሜውና ተረቱ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት ያስቸግራል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ፊደል መቁጠር ለከበደው ልጅ ወይም አዲስ ሥራ ጀምሮ ውጤቱ ለዘገየበት ሰው ነው። ጆሯችን ስለለመደው ግን በውስጡ ያለው እንግዳ ነገር ሳይታየን ያልፋል። እንቁላል እግር የለውም፤ የሚሄደው ጫጩቱ ነው፤ አባባሉ ግን ጫጩት የሚለውን ቃል ፈጽሞ አይጠራም። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እስከ መጨረሻው እንቁላሉ ነው፤ በመካከል ያለው ሦስት ሳምንት ደግሞ «ቀስ በቀስ» በምትለው አጭር ሐረግ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለተማሪዎች አባባሉን ማስረዳት ማለት ያንን የተጠቀለለ ጊዜ ፈትቶ ማሳየት ነው፤ ለዚህም ከማብራሪያ ይልቅ ተረት የተሻለ ይመስለኛል።

«ተረት ተረት» ይላል ተራኪው። «የላም በረት» ይላሉ ልጆቹ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ዶሮ ነበረች። ሰባት እንቁላል ጣለች፤ ሰባቱንም ታቀፈች። ከጎጆዋ አጠገብ ባለው ዛፍ ላይ ጦጢት ትኖር ነበር። ጦጢት ጫጩት ማየት ትወዳለች፤ መጠበቅ ግን አትወድም።

በሦስተኛው ቀን ጦጢት ከዛፏ ወረደች። «እትዬ ዶሮ፣ እትዬ ዶሮ፣ ደረሰ ወይ?» ብላ ጠየቀች። «አልደረሰም ልጄ፣ ቀን አለው» አለች ዶሮ። እንቁላሎቿን አገላበጠች፤ መልሳም ታቀፈች።

በሰባተኛው ቀን ጦጢት ከዛፏ ወረደች። «እትዬ ዶሮ፣ እትዬ ዶሮ፣ ደረሰ ወይ?» «አልደረሰም ልጄ፣ ቀን አለው።» አገላበጠች፤ መልሳም ታቀፈች።

በዐሥራ አራተኛው ቀንም ወረደች፤ ጠየቀች፤ ያንኑ መልስ ሰምታ ተመለሰች።

በሃያኛው ቀን ግን ጦጢት ገና ሳትጠይቅ ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ጪው ጪው የሚል ድምፅ ሰማች። ዶሮዋ ደክሟት አሸልባ ነበር። ጦጢት እጇን ሰድዳ አንዱን እንቁላል አወጣች። በቅርፊቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳውም ትንሽ ምንቃር ይታያል። ጦጢት ጠበቀች፤ ምንቃሩ አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ጠበቀች፤ ምንቃሩ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። «ምስኪን! በሩ ተዘግቶባታል፤ ልክፈትላት» አለችና ቅርፊቱን በጥፍሯ ላጠችው። አንዲት ጠብታ ደም ወረደች። ጦጢት ደነገጠች፤ እንቁላሉንም ወደ ቦታው መለሰችው።

በማግሥቱ ጎጆው በጩኸት ተሞላ። አንዱ ወጣ፤ ሁለተኛው ወጣ፤ ሦስተኛው ወጣ። ስድስቱ እናታቸውን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ። ሰባተኛዋ አልሄደችም።

ተራኪው እዚህ ላይ ዝም ማለት አለበት። ብዙ አስተማሪዎች የመጨረሻው ቃል ከአፋቸው እንደወጣ «ስለዚህ ልጆች» ብለው ምክር ይጀምራሉ፤ ይህ ደግሞ ራሱ የጦጢትን ሥራ መሥራት ነው። ዝም ከተባለ፣ ከልጆቹ አንዱ «ለምን አልሄደችም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ ከተረቱ የማይተናነስ ነው።

የዶሮ እንቁላል ከታቀፈችው ቀን ጀምሮ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። የጫጩቱ ልብ መምታት የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን አካባቢ ሲሆን፣ አባባሉ የሚጠራው እግርም በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል እንደ ትንሽ እብጠት ብቅ ይላል። ጦጢት በመጀመሪያ ወርዳ «ደረሰ ወይ?» ባለች ጊዜ እንግዲህ እግሩ ገና እየተጀመረ ነበር። ወደ ሃያኛው ቀን ሲቃረብ ጫጩቱ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል ያለውን የአየር ኪስ በምንቃሩ ይበሳና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንባው ይተነፍሳል፤ ከቅርፊቱ ውስጥ ድምፁ የሚሰማውም ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ በምንቃሩ ጫፍ ባለች ጥርስ መሰል ሹል ነገር ቅርፊቱን ይቀዳል። ከዚያ ያቆማል።

ጦጢትን ያሳሳታት ይህ ማቆም ነው። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያልፋል፤ ለሚያይ ሰውም ጫጩቱ የተጣበቀ ወይም አቅም ያጣ ይመስላል። በእነዚያ ሰዓታት ግን የቀረው አስኳል ወደ ሆዱ እየገባ ነው፤ በቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ ይዞር የነበረው ደምም ወደ ሰውነቱ እየተመለሰ ነው። ሽፋኑ ከጊዜው በፊት ከተላጠ እነዚያ የደም ሥሮች ይቀደዳሉ፤ አስኳሉም ገብቶ ሳያልቅ ይቀራል። በተረቱ ውስጥ የወረደችው ጠብታ ለማስፈራራት የተጨመረች አይደለችም። በሰላም የወጣ ጫጩት በበኩሉ በሆዱ በያዘው አስኳል ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምግብ መቆየት ስለሚችል፣ እናቲቱ የዘገዩትን እስክትፈለፍል ቀድመው የወጡት አይጎዱም።

በዚህ መሠረት «ቀስ በቀስ» የሚለው ሐረግ ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የዶሮዋ ትዕግሥት ነው፤ እርሱም ዝም ብሎ መቀመጥ አይደለም። እንቁላሉን በቀን ደጋግማ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ በውስጡ ያለው ፅንስ ከሽፋኑ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ለመብላትና ለመጠጣትም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ተነሥታ ትመለሳለች። በተረቱ ውስጥ «አገላበጠች፤ መልሳም ታቀፈች» የሚለው ቃል የሚደጋገመው ለዜማ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጭምር ነውና፣ ተራኪው እንዳይዘለው፤ ቢቻልም ልጆቹ አብረውት ይበሉት። ሁለተኛው የጫጩቱ የራሱ ዝግታ ነው፤ ይህንንም ሌላ ሰው ሊሠራለት አይችልም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው አባባል ስለ ጥድፊያ ሲናገር የፈሰሰው ተመልሶ ይለቀማል፤ የተላጠ ቅርፊት ግን ተመልሶ አይለጠፍም። በእኔ አስተያየት ሁለቱን አባባሎች የሚለያቸው ዋናው ነገር ይህ ነው።

አባባሉ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ያልታቀፉት እንቁላል አንድ ዓመት ቢቀመጥ አይሄድም። ጉዳዩ መሳቢያ ውስጥ ተዘግቶበት የሚመላለስን ባለጉዳይ «ቀስ በቀስ ነው» ብሎ የሚሸኝ ሠራተኛ አባባሉን ያለ ቦታው እየተጠቀመበት ነው። አውራ ዶሮ ያልደረሰበት እንቁላልም እንዲሁ፣ ዶሮዋ የቱንም ያህል ብትታቀፈው ጫጩት አይሆንም። ዶሮ አርቢዎች ይህን የሚለዩት በሰባተኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን በጨለማ ውስጥ ወደ መብራት አስጠግተው በማየት ነው፤ ሕይወት ያለው ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ከሌለው ግን ውስጡ እንደ መጀመሪያው ቀን ጥርት ብሎ ይቀራል።

ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ያስከትላሉ፦ «ጦጢት ክፉ ናት?» አይደለችም። ጦጢት ያዘነች ናት፤ ተራኪው «ምስኪን!» የሚለውን ቃል በተንኮል ድምፅ ሳይሆን በእውነተኛ ርኅራኄ መናገር ያለበትም ለዚህ ነው። ልጆቹ ራሳቸው በዚያች ቅጽበት «ክፈችላት!» ብለው ከጮኹ፣ ተረቱ በደንብ ተነግሯል።