ኬሞታይፕ ምንድን ነው? «ታይም ኦይል» የሚለው ጽሑፍ የማይነግራችሁ

ፒያሳ ካለ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ የ10 ሚሊ ቡናማ ጠርሙስ አንስታችሁ ብታዩ «ታይም ኦይል፣ መቶ በመቶ ንጹህ» ይላል። ሻጩን «የምኑ ታይም ነው?» ብትሉት «ጦስኝ ነዋ!» ይላችኋል። በዚህ ስም ከሚሸጡት ዘይቶች አንዱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሌላው ለስላሳ ነው፤ ሁለቱም ግን ምንም ያልተቀላቀለባቸው ንጹህ ዘይቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

መጀመሪያ የጎደለው የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ነው። በአውሮፓ ጓሮዎች የሚተከለው ታይመስ ቩልጋሪስ ሲሆን፣ ከስፔን የሚመጣው የታይም ዘይት በብዛት የሚወጣው ከታይመስ ዚጂስ ነው። የደጋችን ጦስኝ ደግሞ ታይመስ ሺምፔሪ ወይም ታይመስ ሰሩላተስ ነው፤ ዘመድ እንጂ ያው ተክል አይደለም። «የስፔን ማርጆራም» የሚባለውማ ማርጆራም እንኳ አይደለም፤ ታይመስ ማስቲቺና ነው፣ ሽታውም ወደ ባሕር ዛፍ ያደላል።

ሳይንሳዊ ስሙ ቢታወቅም ነገሩ አያልቅም። ኬሞታይፕ የሚባለው አንድ ዝርያ ሆነው፣ ቅጠላቸውም አበባቸውም ተመሳስሎ፣ በዘይታቸው ውስጥ የሚበዛው ንጥረ ነገር ግን የሚለያይ ተክሎች ናቸው። በደቡብ ፈረንሳይ በዱር የሚበቅለው ታይመስ ቩልጋሪስ ስድስት ኬሞታይፕ አለው። በአንዱ ቲሞል ይበዛል፣ በሌላው ካርቫክሮል፣ በሌላው ሊናሎል፤ የቀሩት ጄራኒዮል፣ ቱጃኖልና ተርፒኒዮል የሚበዛባቸው ናቸው። ልዩነቱ የዘር ነው እንጂ ማዳበሪያ ወይም አፈር የሚያመጣው አይደለም። ስለዚህ የሊናሎሉን ዓይነት የሚፈልግ ገበሬ ፍሬ ዘርቶ አይሆንለትም፤ ከፍሬው የሚበቅለው ሌላ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ከእናት ተክሉ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ይተክላል። የሊናሎሉ ዘይት የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቲሞልና ካርቫክሮል ፌኖል የሚባሉት ወገን ናቸው፤ ጀርም ይገድላሉ፣ ቆዳንና የአፍን ውስጥም ያቃጥላሉ። ሊናሎል አልኮል ነው፤ ለቆዳ ይራራል፣ በላቬንደር ሽታ ውስጥም ትልቅ ድርሻ አለው። ክዳኑን ስትከፍቱ የጦስኝ ሻይ ወይም የአፍ ማጠቢያ ሽታ ከመታችሁ ቲሞሉ ነው፤ ለስለስ ብሎ አበባ አበባ ካለ ሊናሎሉ። ይህ ግን ጥርጣሬ ለመያዝ ያህል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

በትክክል የተጻፈ መለያ Thymus vulgaris ct. linalool ይላል። ct. ኬሞታይፕ ማለት ነው፤ ስልክ ላይ ስትፈልጉም እንዲሁ ጻፉት። ቀጥሎ የመጣበት አገርና የምርት ቁጥሩ መኖር አለባቸው። የምርት ቁጥሩ ዋናው ነው፤ አምራቹ የዚያኑ ቁጥር የጋዝ ክሮማቶግራፊ ውጤት፣ ማለትም በዘይቱ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ከነመጠናቸው የሚዘረዝር የምርመራ ወረቀት፣ ሊሰጣችሁ ይገባል። ወረቀቱ ላይ ቲሞል ከ37 እስከ 55 በመቶ ከሆነ የቲሞሉ ዓይነት ነው። ሊናሎል ከግማሽ በላይ ሆኖ ቲሞል ጥቂት ከሆነ የሊናሎሉ ነው። በወረቀቱና በጠርሙሱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ ወረቀቱ ስለ ሌላ ዘይት ነው የሚናገረው። እዚህ ላይ አንድ ጉድ አለ፦ ርካሽ ዘይት ላይ የፋብሪካ ሊናሎል ጨምሮ ቁጥሩን ማሳመር ይቻላል፤ ተራው ምርመራ ሁልጊዜ አይይዘውም። የሊናሎሉ ዘይት በቲሞሉ ዋጋ ከቀረበላችሁ ተጠራጠሩ።

ct. የሌለበትን የታይም ዘይት እንደ ቲሞል ዓይነት ቁጠሩት። ለአዋቂ ቆዳ በ30 ሚሊ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ 0.3 ሚሊ ያህል ጨምሩ፤ ይህ 1 በመቶ መሆኑ ነው። ጠብታ መቁጠር ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ፋርማሲ የሚሸጠው የ1 ሚሊ ስሪንጅ ይሻላል። ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፤ መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጉት፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።

ሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠላችን፣ ተመሳሳይ ጣጣ አለበት፤ ሆኖም ቀለል ይላል። የሞሮኮና የቱኒዝያው የባሕር ዛፍ ሽታ ያለው ሲኒዮል ይበዛበታል፣ ከ38 እስከ 55 በመቶ። የስፔኑ ሲኒዮሉ ከ16 እስከ 25 በመቶ ሲሆን ካምፎሩ ከ13 እስከ 21 ይደርሳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካምፎር የበዛበትን ይራቅ። የኮርሲካው ቨርቤኖን ያለበት ነው። ሲኒዮል የበዛበትን ደግሞ በሕፃናት ፊት አካባቢ አትቀቡ፣ አታሽትቱም። ስሙን በተመለከተ፣ አንዱ ጠርሙስ ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ፣ ሌላው ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ቢል ማጭበርበር አይደለም፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ተክሉን ወደ ሳልቪያ ወገን አዛውረውት ነው፣ የቀድሞው ስም ግን ገና በብዙ መለያዎች ላይ አለ።