የመዋቅራዊ እኩልታ ሞዴል ውጤት አቀራረብና የመቁረጫ ነጥቦች ሙግት፦ ከሰሜን ሸዋ ገብስ አምራቾች በተወሰደ ማሳያ

የመዋቅራዊ እኩልታ ሞዴል በዓይን የማይታዩ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አመለካከትን ወይም የጎረቤት ተጽዕኖን፣ በበርካታ ጥያቄዎች ለክቶ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና በአንድ ጊዜ የሚገምት የስታቲስቲክስ ስልት ነው። ከሚሰጣቸው ውጤቶች ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው። የመጣጣም መለኪያዎች ሞዴሉ በጠቅላላው ከተሰበሰበው መረጃ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ይናገራሉ። የመንገድ ኮፊሸንቶች ደግሞ አንዱ ስውር ተለዋዋጭ በሌላው ላይ ያለውን ተጽዕኖ መጠን ይገምታሉ። በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የሚደጋገመው ስህተት የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ምስክር አድርጎ ማቅረብ ነው።

ነገሩን በማሳያ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተዘጋጁ እንጂ ከተካሄደ ጥናት የተወሰዱ አይደሉም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በባሶና ወራና ወረዳ፣ 240 ገበሬዎች ስለ ተሻሻለ የቢራ ገብስ ዘር ተጠየቁ እንበል። አራት ጥያቄዎች ለዘሩ ያላቸውን አመለካከት፣ አራቱ የጎረቤትና የዘመድ ግፊትን፣ አራቱ ደግሞ በመጪው ክረምት ዘሩን ለመዝራት ያላቸውን ሐሳብ ይለካሉ። አመለካከትና ግፊት ወደ መዝራት ሐሳብ የሚያመሩ ሁለት ቀስቶች አሏቸው፤ እርስ በርሳቸውም እንዲዛመዱ ተፈቅዷል። ከ12 ጥያቄዎች 78 ልዩነቶችና የጋራ ልዩነቶች ይገኛሉ፤ ሞዴሉ 27 ነገሮችን ስለሚገምት 51 የነጻነት ዲግሪ ይቀራል። ሞዴሉ ከመረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካው ካይ-ስኩዌር 96 ሆነ፤ ፒ ዋጋው ከ0.001 በታች ስለሆነ ሞዴሉን ይጥላል። ከመጣጣም መለኪያዎች አንዱ የሆነው RMSEA ከዚህ በቀጥታ ይሰላል፦

```
RMSEA = sqrt((96 - 51) / (51 * (240 - 1))) = 0.061
```

የ90 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.042 እስከ 0.079 ይደርሳል። ሌሎቹ የመጣጣም መለኪያዎች ደግሞ CFI 0.960፣ SRMR 0.055 ናቸው እንበል። ተማሪው «RMSEA ወደ 0.06 ስለተጠጋ ሞዴሉ ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ፈታኙ «0.06ን ማን ወሰነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

የተለመዱት ነጥቦች፣ ማለትም CFI ከ0.95 በላይ፣ RMSEA ከ0.06 በታች እና SRMR ከ0.08 በታች፣ በአብዛኛው የሚጠቀሱት ከሁ እና ከቤንትለር የ1999 ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች እነዚህን ቁጥሮች ያገኙት በኮምፒውተር ከፈጠሩት መረጃ ነው፤ ሞዴላቸው 15 ጥያቄዎችና ሦስት ስውር ተለዋዋጮች ነበሩት፤ ጥያቄዎቹ ከተለዋዋጮቹ ጋር ያላቸው ትስስር፣ ሎዲንግ የሚባለው፣ በአብዛኛው ከ0.70 እስከ 0.80 ነበር። ራሳቸው የጻፉት ቃል «ወደዚህ የተጠጋ» የሚል እንጂ ድንበር የሚያሰምር አልነበረም። በተጨማሪም ናሙናው 250 ወይም ከዚያ ሲያንስ RMSEA ትክክለኛውን ሞዴል ሳይቀር የመጣል ዝንባሌ እንዳለው አስጠንቅቀዋል። የእኛ 240 ገበሬዎች እዚያው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ 0.061ን በአንድ ሺኛ አልፏል ብሎ መጣልም፣ 0.059 ቢሆን አልፏል ብሎ ማጽደቅም ከምንጩ አይገኝም።

ከዚህ የከፋው ነጥቦቹ ከጥያቄዎቹ ጥራት ጋር መለዋወጣቸው ነው። CFI ሞዴሉን የሚያወዳድረው ጥያቄዎቹ ፈጽሞ አይዛመዱም ከሚል መነሻ ሞዴል ጋር ነው። በማሳያችን ሎዲንጎቹ 0.75 አካባቢ ስለሆኑ የመነሻው ካይ-ስኩዌር በ66 የነጻነት ዲግሪ 1191 ነው፤ ስለዚህ CFI ከ1 ላይ 45 ለ1125 ተካፍሎ ሲቀነስ 0.960 ይሆናል። ጥያቄዎቹ ደካማ ሆነው ሎዲንጋቸው ወደ 0.60 ቢወርድና የመነሻው ቁጥር 516 ቢሆን፣ ያው 96 ከያው 51 ጋር CFIን 0.900 ያደርገዋል። RMSEA ግን 0.061 ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ሎዲንግ ሲደክም አንድ ዓይነት የአቀራረጽ ስህተት በካይ-ስኩዌርና በRMSEA ላይ የሚታየው ባነሰ መጠን ነው። ገበሬው ያልገባውን ጥያቄ ሲመልስ የሚፈጠረው ጫጫታ ሞዴሉን ያማረ ሊያስመስለው ይችላል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ የሎዲንግ ሰንጠረዥ የሌለው የመጣጣም ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

መልሱ መቁረጫ ነጥብን መተው አይደለም፤ ለራስ ሞዴል የሚስማማውን መፈለግ ነው። የራስን ሎዲንጎች፣ የራስን ናሙናና የራስን የጥያቄ ብዛት ይዞ በኮምፒውተር ደጋግሞ መረጃ መፍጠር ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ሞዴሉ ትክክል ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ሆን ተብሎ ስህተት ገብቶበት። ሁለቱን የሚለየው የRMSEA ዋጋ ለዚያ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ ነው። ማክኒሽና ዎልፍ ይህን መንገድ ተለዋዋጭ መቁረጫ ብለው አስፋፍተውታል። ፈታኝ ፊት የሚቆመው መከላከያ ይህ ነው፤ «ሁሉም ሰው ይጠቀምበታል» ማለት መልስ አይሆንም።

ካይ-ስኩዌሩ ሞዴሉን ስለጣለ፣ የት ቦታ እንዳልገጠመ መፈለግ ግዴታ ነው። በR ቋንቋ የ`lavaan` ጥቅል ውስጥ ሁለት መስመር ይበቃል፦

```
residuals(fit, type = "cor")
modindices(fit, sort. = TRUE)
```

ከፍተኛው ቀሪ ዝምድና «ጎረቤቶቼ ይህን ዘር ይዘራሉ» እና «በአካባቢዬ ያሉ ሰዎች ይህን ዘር ይዘራሉ» በሚሉት ጥያቄዎች መካከል ወጣ እንበል። በአማርኛ ሲነበቡ ለገበሬው አንድ ጥያቄ ናቸው። የስህተታቸው ዝምድና ሲፈቀድ ካይ-ስኩዌር ወደ 64 ይወርዳል፤ በ50 የነጻነት ዲግሪ RMSEA 0.034፣ CFI 0.988 ይሆናል። ምክንያቱ አሳማኝ ነው፤ ነገር ግን የተገኘው መረጃው ከታየ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያውም የታረመውም ሞዴል መቅረብ አለባቸው። እንዲህ ያለ ማስተካከያ አምስትና ስድስት ጊዜ ከተደጋገመ ሞዴሉ የዚያ ናሙና ልብስ ሆኗል፤ ሌላ ወረዳ ላይ አይለበስም።

አሁን ወደ ቀስቶቹ። ከመጀመሪያው ሞዴል የተገኙት ግምቶች የሚከተሉት ናቸው እንበል። አመለካከት ወደ መዝራት ሐሳብ ያለው መንገድ ወደ መደበኛ መለኪያ ያልተቀየረው ኮፊሸንት 0.62፣ መደበኛ ስህተቱ 0.11፣ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.40 እስከ 0.84፣ የተቀየረው 0.48 ነው። የጎረቤት ግፊት 0.21፣ መደበኛ ስህተቱ 0.12፣ ክልሉ ከ-0.03 እስከ 0.45፣ የተቀየረው 0.17 ነው። ሁለቱ የመዝራት ሐሳብን ልዩነት 32 በመቶ ያብራራሉ። ስታቲስቲካዊ ጉልህነትን የሚያመለክት ኮከብ ብቻ የተለጠፈበት ሥዕል ይህን ሁሉ ይደብቃል። ለግፊት ኮከብ ባይኖርም «ተጽዕኖ የለውም» ማለት ስህተት ነው፤ ክልሉ ከዜሮ እስከ ጠንካራ ተጽዕኖ የሚደርስ ስለሆነ ይህ ናሙና ሊለየው አልቻለም ማለት ብቻ ነው። ገበሬዎቹ ከጥቂት ቀበሌዎች በጅምላ ተመርጠው ከሆነ ደግሞ መደበኛ ስህተቶቹ ራሳቸው ከእውነተኛው መጠን ያነሱ ናቸው፤ በቀበሌ የታረመ ስሌት ያስፈልጋል።

ብዙ ፈታኞችም የሚያልፉት ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሞዴል ሦስቱ ስውር ተለዋዋጮች ሁሉም እርስ በርስ ተገናኝተዋል። 51ዱ የነጻነት ዲግሪ በሙሉ ከጥያቄዎቹ አደረጃጀት የመጣ ነው፤ ከቀስቶቹ የመጣ አንድም የለም። ቀስቱ ተገልብጦ የመዝራት ሐሳብ አመለካከትን ይወስናል ቢባል፣ ካይ-ስኩዌሩ ያው 96፣ CFI ያው 0.960፣ RMSEA ያው 0.061 ይሆናል። ዘሩን ሊዘራ የወሰነ ገበሬ ውሳኔውን ለማጽናት ስለ ዘሩ መልካም ማሰቡ የማይሆን ነገር አይደለም፤ የመጣጣም መለኪያ ሁለቱን ታሪኮች አይለይም። የቀስቱን አቅጣጫ የሚደግፈው የጥናቱ አሠራር ነው፤ አመለካከት ከዘር ወቅት በፊት ተጠይቆ፣ ገበሬው የዘራው ደግሞ ማሳው ላይ ተገኝቶ ከታየ።