የቀጠሮ ማረጋገጫ መልእክት አጻጻፍ፦ በጎጃም የሆስፒታል ቀጠሮዎች

የቀጠሮ ማረጋገጫ ማለት አንድ ተቋም ባለጉዳዩ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት እና ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት የሚያስታውቅበት አጭር ጽሑፍ ነው። በጎጃም ፍርድ ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ባንኩም ይጠቀምበታል፤ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ብዙ ወጪ የምታስወጣው ግን በሆስፒታል ቀጠሮ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከሞጣ ተነሥቶ ባሕር ዳር ጠዋት የሚደርስ ታማሚ ዋዜማውን ገብቶ ማደር ሊኖርበት ይችላል፤ አስታማሚም ይዞ ይመጣል። ሰዓቱን ቢስት የሚያጣው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም።

ማረጋገጫው ብዙውን ጊዜ በስልክ አጭር መልእክት ይላካል። በግእዝ ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ቁምፊ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በክፍልፋዩ ልክ ነው። ጸሐፊዎች ቃል ቆጥበው ቁጥር የሚደረድሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቁጠባው ግን ለአንባቢው አይመችም። በገጠር መልእክቱን የሚያነበው ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ሳይሆን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ወይም ጎረቤት ነው፤ ታማሚው የሚሰማው በጆሮው ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ ሲጻፍ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ሳይዛባ የሚደርስ መሆን አለበት።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ መልእክት እንውሰድ፦

> ቀጠሮዎ 10/3/18 በ9:00 ሪፈራል። ጾመው ይምጡ። ዶክመንት ይያዙ።

ላኪው ሁሉንም ነገር ያለ ይመስለዋል። ግን ከቀኑ እንጀምር። 10/3 በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 10 ነው፤ ስልኩ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላለት የከተማ ልጅ ግን ማርች 10 ብሎ ያነበዋል፣ ያም መጋቢት 1 ላይ ይውላል። ወሩን በስም መጻፍ ይህን ያስቀራል። የሳምንቱ ቀን ሲጨመርበት ደግሞ ቀኑና ቁጥሩ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፦ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ቀን 2025። ላኪው «ሐሙስ ኅዳር 10» ብሎ ቢሳሳት ተቀባዩ ግጭቱን አይቶ ይደውላል፤ ቁጥር ብቻ ቢሆን ስሕተቱን የሚያጋልጥ ነገር የለም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት በኋላ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21፣ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት በአንድ ቀን ይሸጋሸጋል፤ በልማድ የሚለውጥ ጸሐፊ በነዚያ ወራት አንድ ቀን ይስታል።

«የዛሬ ሳምንት» እና «የዛሬ 15» ለፊት ለፊት ንግግር እንጂ ለጽሑፍ አይሆኑም። መልእክቱ ከሁለት ቀን በኋላ ቢነበብ «ዛሬ» የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ የዛሬ 15 የሚባለውም በተግባር 14 ቀን ቆይቶ የሚመጣው ያው የሳምንት ቀን ነው፣ ቆጥሮ የሚሄድ ሰው በማግስቱ ይደርሳል። የታቦት ቀን ብቻውን መጥራትም አያስተማምንም፤ ሚካኤል በየወሩ በ12 ይውላልና። እንደ ማረጋገጫ ሲጨመር ግን ጥሩ ያገለግላል፦ «ከኅዳር ሚካኤል ሁለት ቀን ቀድሞ» የተባለ ገበሬ ቀኑን አይረሳም። እኔ ቦታ ካለ ይህን ከፈረንጁ ቀን አስበልጬ እጨምራለሁ።

ሰዓቱ ከቀኑ ይብሳል። በኢትዮጵያና በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ስለሆነ 3 እና 9፣ 2 እና 8፣ 4 እና 10 ይለዋወጣሉ፤ ችግሩም ሁለቱም በሥራ ሰዓት ውስጥ መውደቃቸው ነው። ስለዚህ «በ9:00» የተባለ ታማሚ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲመጣ ጠዋት 3 ሰዓት የነበረው ተራው አልፏል፣ እርሱ ግን በሰዓቱ እንደመጣ ያምናል። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲባል ማንም አይሳሳትም፤ «ጠዋት 9 ሰዓት» የሚል ቢመጣም በእኛ አቆጣጠር የሌለ ሰዓት ስለሆነ አንባቢው ወዲያው ይጠራጠራል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ሁልጊዜ አብሮ መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

ቦታውን በተመለከተ «ሪፈራል» ባሕር ዳር ላይ በቂ አይደለም። ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ግዮን ሁለቱም ከየወረዳው በሪፈር የሚላኩ ታማሚዎችን ይቀበላሉ፤ ጥበበ ግዮን ደግሞ ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ ነው። የሆስፒታሉን ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ ክፍሉን መጻፍ ያስፈልጋል። «ምድር ቤት» ለአንዱ በመግቢያው በር የሚገባበት ወለል፣ ለሌላው ከሱ በታች ያለው ነው፤ «በመግቢያው በር ገብተው፣ ደረጃ ሳይወጡ» ማለት ይሻላል።

«ጾመው ይምጡ» የሚለውን ሐረግ ጎጃም ውስጥ በተለይ መጠንቀቅ ይገባል። በስብከት ወይም በዐቢይ ጾም ያለ ሰው ጠዋት ላይ ሽሮ ባይበላም፣ ማታ ምን ሰዓት ማቆም እንዳለበት ግን ጾሙ አይነግረውም። ረቡዕን አዘውትሮ የሚጾም ደግሞ ውሃም እንደተከለከለ ሊቆጥር ይችላል። በባዶ ሆድ ለሚደረግ የስኳር ምርመራ የሚፈለገው ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም አለመመገብ ነው፣ ውሃ ይፈቀዳል። መልእክቱ ይህንኑ ይበል። «ረቡዕ ሌሊት» የሚለውም አይበጅም፤ ለረቡዕ አጥቢያ ነው ወይስ ረቡዕ ውሎ የሚመሸው? «ማክሰኞ ማታ» ቢባል አያከራክርም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያን ጠዋት ይውሰድ ወይስ ያቆይ የሚለውን ሐኪሙ ወስኖ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ለተቀባዩ ግምት የሚተው አይደለም።

«ዶክመንት ይያዙ» ማለት ምንም እንዳለማለት ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የሚታከም ሰው መታወቂያው የዘመኑ እድሳት ከሌለው ወይም ሪፈር ወረቀቱን ቤት ከረሳ ከኪሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ፣ ከየት እንደተሰጠ ጭምር መጥራት ይገባል። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

> ቀጠሮዎ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. (ከኅዳር ሚካኤል 2 ቀን ቀድሞ) ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ ተመላላሽ ሕክምና። ከማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ጀምሮ ደም እስኪሰጡ ምግብና ሻይ አይውሰዱ፤ ውሃ ይጠጡ። የጠዋቱን የስኳር መድኃኒት ሳይወስዱ ይዘውት ይምጡ። የታደሰ የጤና መድህን መታወቂያና ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የተሰጠዎትን ሪፈር ወረቀት ይያዙ።

የአራት መልእክት ቦታ ይይዛል፤ በቁጠባ ስም የሚቆረጥ ከሆነ ቅንፍ ውስጥ ያለው ይቅር እንጂ «ጠዋት» የሚለው አይነካ። የግእዝ ፊደል የማያሳይ አሮጌ ስልክ ላላቸው ባዶ ሳጥን ብቻ ስለሚደርሳቸው መደወል ግድ ነው። ሲደወልም «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። «እስቲ መቼ እንደሚመጡና ምን እንደሚይዙ ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል።

ቀጠሮው ቢለወጥ አዲሱን ቀን ብቻ መላክ አደገኛ ነው፤ ተቀባዩ ሁለት ቀጠሮ እንዳለው አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የሚላከው መልእክት የቀድሞውን በስሙ ይሽር፦ «የረቡዕ ኅዳር 10 ቀጠሮዎ ቀርቷል። በዚያ ቀን አይምጡ። አዲሱ ቀጠሮዎ ሰኞ ኅዳር 15፣ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ቦታውና የሚይዙት ዕቃ አልተለወጠም፤ ምግብ የሚያቆሙት እሑድ ማታ 4 ሰዓት ነው።»