«አልፋው ከ0.7 በላይ ነው» እና ሌሎች መጠይቅ የሚያበላሹ እምነቶች

«ጥያቄዎቹ ትክክል መሆናቸውን ብቻ ይዩልኝ።»

ለምርምራቸው ያዘጋጁትን መጠይቅ እንድመለከትላቸው ከሚጠይቁኝ ሰዎች፣ ርዕሱ «የሠራተኞች ተነሳሽነት» የሆነ፣ ሠላሳ አርባ ጥያቄ የታጨቀበት ወረቀት ይደርሰኛል። ጥናቱ ተነሳሽነት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ቦታ አልተጻፈም። ታዲያ ጥያቄዎቹን የማመሳክረው ከምን ጋር ነው? «ሥራ ቦታዬ በሰዓቱ እገኛለሁ» የሚለውን ውሰዱት። ተነሳሽነት ማለት ደንብ ማክበር ነው ከተባለ ጥያቄው ያስኬዳል። ተነሳሽነት ማለት ሰው ሳይገደድ ጉልበቱን ለሥራው ለማዋል ያለው ፍላጎት ነው ከተባለ ግን ጥያቄው የለካው ምናልባት የሰዓት ተቆጣጣሪውን ቁጣ ነው።

ጥያቄ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቡ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበየናል፤ ምን እንደማይጨምርም አብሮ ይጻፋል። ቀጥሎ ገጽታዎቹ ይለያሉ። የሥራ ተነሳሽነትን ያጠኑ የሥነ ልቦና ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠቅሳሉ፦ ጥረቱ ወዴት እንዳነጣጠረ፣ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚዘልቅ። ከዚያ ለየገጽታው መላሹ አይቶት ወይም አድርጎት ሊናገረው የሚችል አመልካች ይፈለጋል። ለመዝለቅ አመልካቹ «ሥራው ሲከብድ አለመተው» ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ደግሞ «ባለፉት አራት ሳምንታት ከባድ ስለሆነብዎ ብቻ ሳይጨርሱ የተዉት ሥራ አለ?» ይሆናል። ይህን ሰንሰለት ጽፎ የሚያመጣ ሰው ጥያቄዎቹን በግማሽ ሰዓት አይለታለሁ። ሳይጽፍ ለሚመጣው ሰው አንድ ሳምንትም አይበቃኝ።

«ክሮንባክ አልፋው 0.84 ወጥቷል፤ ስለዚህ መጠይቄ ተነሳሽነትን እንደሚለካ ተረጋግጧል።»

ትዕግሥቴ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ሊ ክሮንባክ በ1951 ባወጣው ጽሑፉ የታወቀው ይህ ቁጥር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጡት መልሶች አብረው ከፍ ዝቅ ይላሉ ወይ? አብረው የሚንቀሳቀሱት በተነሳሽነት ምክንያት ይሁን፣ ሰው ለሁሉም «እስማማለሁ» ብሎ ቶሎ ለመገላገል ስለፈለገ ይሁን፣ ቁጥሩ የሚያውቀው ነገር የለም። እርሱ የሚናገረው ስለ አስተማማኝነት፣ ማለትም ስለ ውጤቱ ወጥነት፣ ነው፤ ያውም ስለ አንዱ ዓይነት። ተገቢነት፣ ማለትም መለኪያው ለካሁት ያለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቁጥሩን ማሳደግም እጅግ ቀላል ነው። መልሶቹ ተቀራራቢ ስርጭት ካላቸው ቀመሩ እንዲህ ያጥራል፦

```
α = k·r / (1 + (k − 1)·r)
```

እዚህ ላይ `k` የጥያቄዎቹ ብዛት ነው፤ `r` ደግሞ በጥያቄዎቹ መካከል ያለው አማካይ ተዛምዶ። ተዛምዶው 0.2 ብቻ ነው እንበል፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው እምብዛም አይተዋወቁም ማለት ነው። አምስት ጥያቄ ሲኖር አልፋው 0.56 ይሆናል። አሥር ስናደርጋቸው 0.71 ይደርሳል፤ ሃያ ስናደርጋቸው 0.83። የጥያቄዎቹ ጥራት አንዲት ነጥብ አልጨመረም፤ የጨመረው ወረቀቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ያጥራል፦ «ሥራዬን እወደዋለሁ»፣ «ሥራዬ ደስ ይለኛል»፣ «በሥራዬ ደስተኛ ነኝ» ብሎ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መጠየቅ። በመካከላቸው 0.8 ተዛምዶ ካለ ሦስቱ ብቻቸውን 0.92 ያወጣሉ። አጥኚው ግን ያወቀው የአንድ ጥያቄ ያህል ነው።

ሁሉም እንደ ሕግ የሚጠቅሳት 0.7ም ቢሆን ሕግ ሆና አልተወለደችም። የሥነ ልቦና ሊቁ ጁም ናናሊ በ1978 ለጅምር ምርምር ትበቃለች ነው ያሉት፤ በውጤቱ መሠረት በግለሰብ ላይ ውሳኔ የሚሰጥ ከሆነ ግን ቢያንስ 0.9 ያስፈልጋል ብለዋል። ሁለተኛውን ክፍል የሚጠቅስ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

የሚያስከትለውን ጉዳት በአንድ ጥናት ላሳይ። አንዲት ተማሪ የክፍያ እርካታ በሥራ ተነሳሽነት ላይ ያለውን ተጽዕኖ እያጠናች ነበር። ውጤቱ በጣም ጠንካራ ሆኖ ወጣ፤ አልፋውም ያማረ ነበር፤ እርሷም ተደሰተች። የተነሳሽነቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አነበብናቸው። «የሚከፈለኝ ለልፋቴ ተመጣጣኝ ነው»፣ «አለቃዬ ጥረቴን ያደንቃል»፣ «በመሥሪያ ቤቱ የማደግ ዕድል አለኝ» ይላሉ። እነዚህ የሚጠይቁት መሥሪያ ቤቱ ለሰውየው ምን እንደሰጠው ነው፤ ሰውየው ለሥራው ምን ያህል እንደተነሳሳ አይደለም። ምናልባት የተነሳሽነት መንስኤዎች ይሆናሉ፤ ተነሳሽነት ግን አይደሉም። የመጀመሪያው ጥያቄማ በክፍያ እርካታ ክፍል ውስጥ ቃሉ ትንሽ ተለውጦ በድጋሚ ተቀምጧል። እንግዲህ ጥናቱ ያገኘው ግንኙነት አንድ ጥያቄ ከራሱ ጋር ያለው ዝምድና ነው። አለመገኘቱ ነበር የሚያስገርመው።

መሥሪያ ቤቱ ስለሚሰጠው የሚናገሩትን ሁሉ ሰረዝናቸው፤ ሰውየው ስለሚፈልገውና ስለሚያደርገው የሚጠይቁት ብቻ ቀሩ። አልፋው ከ0.7 ትንሽ ዝቅ አለ፤ ግንኙነቱም በግማሽ ያህል ደከመ። እርሷ ጥናቷ የተበላሸ መሰላት። በእኔ እይታ ጥናቱ የተጀመረው ያኔ ነው።

ተገቢነትን መፈተሽ ለሚፈልግ ሰው መንገድ አለ፤ ግን ከኮምፒውተሩ አንድ ቁልፍ በመጫን አይገኝም። መለኪያው ሊዛመደው ከሚገባ ነገር ጋር መዛመዱ፣ ሊለይ ከሚገባው መለየቱ ይታያል። የተነሳሽነት ነጥብ የቅርብ ኃላፊው ስለ ሠራተኛው ጥረት ለብቻው ከሰጠው ግምት ጋር በመጠኑ መሄድ አለበት። ከእርካታ ነጥብ ጋር ደግሞ ፍጹም አንድ መሆን የለበትም። ከኃላፊው ግምት ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖረው ከእርካታ ጋር 0.9 ከተዛመደ የተለካው እርካታ ነው፤ የርዕሱ ገጽ ምንም ቢል።

«የድህነት መለኪያዬ አልፋ 0.45 ስለሆነ የማይዛመዱትን ጥያቄዎች ላወጣ ነው።»

እባክዎ አያውጡ። ተነሳሽነት በሰውየው ውስጥ አለ ብለን የምናስበው፣ መልሶቹን የሚያመነጭ ነገር ነው፤ ስለዚህ መልሶቹ አብረው እንዲንቀሳቀሱ እንጠብቃለን። ድህነት ግን ብዙ ገጽታ ባለው መለኪያ ሲታይ ከእጦቶቹ የሚገነባ ነው። ንጹሕ ውኃ የሌለው ቤተሰብ ልጆቹን ትምህርት ቤት ይልክ ይሆናል፤ ልጆቹን ያልላከውም ውኃ በቤቱ ይኖረው ይሆናል። ሁለቱ አለመዛመዳቸው የመለኪያው ጉድለት አይደለም። ከሌሎቹ ጋር አልሄደም ተብሎ ውኃ ከመለኪያው ሲወጣ፣ ውኃ ያጡ ሰዎች ከድሆች ቁጥር ሊወጡ ይችላሉ።

ለእንዲህ ያለ መለኪያ የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ምን ተካተተ፣ ስንት ክብደት ተሰጠው፣ መስመሩ የት ተሰመረ? በ2010 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያወጡት ዓለም አቀፍ የብዙ ገጽታ ድህነት መለኪያ ጥሩ ማሳያ ነው። ጤና፣ ትምህርትና የኑሮ ደረጃ የሚባሉ ሦስት ገጽታዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሦስተኛ ክብደት ይይዛሉ። ጤናና ትምህርት ሁለት ሁለት አመልካች ስላላቸው ለአንዱ አንድ ስድስተኛ ይደርሰዋል። የኑሮ ደረጃ ስድስት አመልካች ስላለው ለአንዱ የሚደርሰው አንድ አሥራ ስምንተኛ ነው። የእጦቱ ድምር አንድ ሦስተኛ የደረሰ ቤተሰብ ድሃ ይባላል።

አሁን አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ከአባላቱ ስድስት ዓመት የተማረ የለም፤ ይህ 3/18 ነው። መብራት የለውም፣ የሚያበስለው በእንጨት ነው፤ ሁለቱ 2/18 ይጨምራሉ። ድምሩ 5/18፣ ማለትም 0.28 ሆነ፤ ቤተሰቡ ድሃ አልተባለም። መጸዳጃ ቤቱን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ከሆነ ደግሞ አንድ አሥራ ስምንተኛ ተጨምሮ 6/18 ይሞላል፤ ድሃ ተባለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱን የሚመለከተው ጥያቄ «መጸዳጃ ቤት አላችሁ?» ብቻ ብሎ ካቆመና መጋራትን ካልጠየቀ፣ ይህ ቤተሰብ ከመስመሩ ማዶ ይቀራል። አልፋ ይህን ስህተት ፈጽሞ አያሳይም። ውጤቱ በመስመሩና በክብደቶቹ ምርጫ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ የሚያሳየው ደግሞ መስመሩን ወደ 20 እና ወደ 50 በመቶ እያንቀሳቀሱ፣ ክብደቶቹንም እየለዋወጡ፣ የአካባቢዎቹ ደረጃ ይገለባበጥ እንደሆነ ማየት ነው። ከተገለባበጠ ውጤቱን የወሰነው የአጥኚው ምርጫ ነውና በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይነገር።

«ገቢዎ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።»

የወር ደመወዝ ላለው ሰው ምናልባት። ገቢው በየወቅቱ ለሚለዋወጥ ሰው ግን ፍጆታን መጠየቅ ይሻላል፦ ምግብን ባለፉት ሰባት ቀናት፣ አልፎ አልፎ የሚገዛውን ዕቃ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት።

«መጠይቁ በሌላ አገር ተፈትኖ ያለፈ ስለሆነ እንደገና አልፈትሸውም።»

ያለፈው በሌላ ቋንቋ፣ በሌሎች ሰዎች ላይ ነው።

«ቅድመ ሙከራ አድርጌያለሁ፤ አልገባኝም ያለ ሰው የለም።»

ሰው ያልገባውን ጥያቄም ይመልሳል፤ አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው። ስለዚህ ከመላሾቹ ጋር የሚመሳሰሉ ጥቂት ሰዎችን ፈልጎ፣ መልስ ከሰጡ በኋላ «ይህን ሲመልሱ ምን አሰቡ?»፣ «ምሳሌ ይስጡኝ» እያሉ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰባት ስምንት ሰው እንኳን ብዙ ያሳያል። «ከሚጠበቅብኝ በላይ እሠራለሁ» ለሚለው «በጣም እስማማለሁ» ያለ አንድ የጥበቃ ሠራተኛን ምሳሌ ጠየቅሁት። ተረኛው ስለሚቀር ሁለት ተራ በተከታታይ እንደሚቆም፣ እምቢ ቢል ከሥራ እንደሚሰናበት ነገረኝ። በመጠይቁ ላይ ከፍተኛውን የተነሳሽነት ነጥብ ያገኘው እርሱ ነበር። ጥያቄውን «ማንም ሳያዝዘኝ፣ ባልሠራውም ሳልጠየቅ፣ ተጨማሪ ሥራ የሠራሁበት ጊዜ አለ» ብለን ለውጠን ስንመልስለት ሳቀና «የለም» አለ።