ቡችላ ይዘው ለገቡ፦ ስለ ወስፋት፣ ስለ ምግብና ስለ መጀመሪያው ክትባት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ገና ጡት የሚጠባ ቡችላ ትል ከየት ያመጣል?»

ከእናቱ። ውሻ ወስፋት ሲይዛት፣ ከፊሉ እጭ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ስታረግዝ ይነቃና በእትብት በኩል ወደ ልጆቿ ይሻገራል። ሌላው ደግሞ በጡቷ ወተት ይከተላል። ድመት ላይ በማህፀን አይተላለፍም፣ በወተት ግን ይገባል።

ሽምብጥ የምትኖር ጎረቤቴ የ6 ሳምንት ቡችላ ይዛ መጣች። ሆዱ ከበሮ አክሏል። ጎኑን ስዳስሰው ግን የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። «እንዴት እንደወፈረልኝ አየህ?» አለችኝ። «እትዬ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም» አልኳት። የታችኛውን ከንፈሩን ገልጬ ድዱን አሳየኋት፤ ሮዝ መሆን ሲገባው ነጣ ብሏል። መድኃኒቱን በወሰደ ማግስት ጋዜጣው ላይ የወጣው የተቀቀለ ፓስታ ይመስል ነበር።

መድኃኒቱ የሚገድለው አንጀት ውስጥ ያለውን ነው። በሳንባና በሥጋ በኩል ገና መንገድ ላይ ያለውን አያገኘውም። ስለዚህ ይደጋገማል። ለቡችላ በ2ኛው ሳምንት፣ ለድመት ግልገል በ3ኛው ይጀመራል። እስከ 8ኛው ሳምንት በየ15 ቀኑ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጣል። እናትየውም አብራ ትወስዳለች።

«ኮሶ እኛን ካሻረን እሱንም ያሽረዋል»

ኮሶ የሚታወቀው በጠፍጣፋው ትል ነው፤ ስሙም የኮሶ ትል ነው። ቡችላው ሆድ ውስጥ ያለው ድቡልቡሉ ወስፋት ነው። በዚያ ላይ ኮሶ ያስቀምጣል፣ ያስመልሳል። 2 ኪሎ የማይሞላ ፍጥረት ውሃው ቶሎ ያልቃል። ለበግ የተገዛውን አልቤንዳዞልም ቆርሰው አይስጡት፤ በውሻና በድመት ላይ የደም መሥሪያውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል።

ለወስፋት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፓይራንቴል ነው። የሚለካው በክብደት እንጂ በማንኪያ አይደለም። የጎረቤቴን ቡችላ ሱቅ ወስደን በቲማቲም ሚዛን መዘንነው፤ ድፍን 2 ኪሎ። ባለሱቁ ስቆብናል፣ ይሳቅ። በኪሎ 10 ሚሊግራም ሲታሰብ 20 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ሽሮፑ በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ይዟል። ስለዚህ ድርሻው 0.4 ሚሊሊትር ብቻ ነው፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ብትሰጠው ኖሮ ከ12 እጥፍ በላይ ይሆን ነበር። የእርስዎ ጠርሙስ ሌላ መጠን ሊይዝ ስለሚችል ጽሑፉን ለሐኪሙ ያሳዩት።

ጭራው ሥር ሩዝ የመሰለ ነገር ደርቆ ካዩ ግን ሌላ ትል ነው። ያ ከቁንጫ የሚመጣ ነው፤ ፓይራንቴል አይነካውም። ፕራዚኳንቴል ይፈልጋል፣ ቁንጫውም አብሮ ካልጠፋ ተመልሶ ይመጣል።

«ወተት ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የ6 ሳምንት ቡችላ በቀን 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይብላ፦ ተቀቅሎ የደቀቀ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሩዝ። እዚህ ጣና ዳር ዓሣ አይጠፋም፤ ቆሮሶ ቀቅለው እሾሁን በጣት እየፈለጉ ያውጡ። የተረፈ ሽሮ ወጥ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴላቸውን ይሰብራል፤ ድመት ላይ ይብሳል። ድመት ደግሞ እንጀራ በወተት እየበላች አትኖርም፤ የግድ ሥጋ ትፈልጋለች።

«አንዴ ተወግቷል፣ አለቀ»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቡችላ የሚሞተው። ቡችላው ከእንገሩ ጋር የእናቱን መከላከያ ይጠጣል። ያ መከላከያ ከበሽታ ያድነዋል፣ ግን ክትባቱንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያከሽፈዋል። አንዱ ላይ በ7ኛው ሳምንት ያልቃል፣ ወንድሙ ላይ እስከ 14ኛው ይቆያል። አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት በሽታዎች ክትባት ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ መሆን አለበት። ክትባቱን 8ኛው ሳምንት ላይ ያቆመ ሰው ምናልባት ምንም አልከተበም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው። በ3 ወር ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። ለድመትም ያስፈልጋል።

ፓርቮ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል፣ በጫማም ይገባል። ቡችላው ካስመለሰ፣ ከደበተው፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ነገን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ ይውሰዱት። የነበረበትን ወለል መጀመሪያ ይጠቡ፣ ከዚያ አንድ ስኒ በረኪና በ30 ስኒ ውሃ አቅጥነው ያፍስሱበት።

ጎረቤቴ ሁለተኛውን ክትባት ባስወጋች ዕለት «አሁን ሐይቁ ዳር ላንሸራሽረው?» አለችኝ። እዚያ ባለቤት የሌለው ውሻ ሁሉ ይውላል። «አቅፈሽው ሂጂ፣ እግሩ መሬት አይንካ» አልኳት። እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ በነጠላዋ ጠቅልላው ስትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ሕፃን መስሎት ነበር።