ከመልሱ በፊት ፍንጭ፦ ወርክሺት ማስጠናት በሐዋሳ

በሐዋሳ የግል ትምህርት ቤቶች ወርክሺት የሚባለው ተማሪው ዓርብ ይዞት ወጥቶ ሰኞ ሠርቶ የሚመልሰው የጥያቄ ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጃል፤ ከተከታታይ ምዘናው ነጥብ የሚያዝበት ጊዜም አለ። ቤት ውስጥ የሚያግዘው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ነው፤ አቅም ያለው ወላጅ ደግሞ አስጠኚ ይቀጥራል። ወላጅ ቅዳሜ ማታ ደብተር ሲገልጥ የሚያየው ወረቀቱ መሙላቱን ስለሆነ፣ አስጠኚው መልሱን እየነገረ ቶሎ ቢያስጨርስ ማንም አይወቅሰውም። ተማሪው ግን ያው ጥያቄ ቁጥሩ ተቀይሮ በክፍል ፈተና ሲመጣበት ይቆማል። በፍንጭ ማስጠናት የሚባለው ይህን ለማስቀረት የሚሠራበት መንገድ ነው፦ መልሱን ከመስጠት ይልቅ ተማሪው የተያዘበትን ቦታ ለይቶ፣ ከዚያ የሚያላቅቀውን ያህል ብቻ መናገር።

አሠራሩ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ በተለይ በመቶኛ ጥያቄዎች ላይ በደንብ ይታያል። አንድ ጫማ 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት በ480 ብር ተሸጠ፤ ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር? ትክክለኛው መልስ 600 ብር ነው። ብዙ ተማሪ ግን 576 ብሎ ይጽፋል። ይህ ቁጥር እንዲያው በግምት የተገኘ አይደለም፤ የ480ን 20 በመቶ፣ ማለትም 96ን፣ ወስዶ 480 ላይ ደምሮ ነው። ልጁ መቶኛ ማስላት ይችላል፣ መደመርም አልተሳሳተም። የሳተው ቅናሹ የተሰላው ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሆነ ነው። ስለዚህ መቶኛን ከሀ እንደገና ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። «ተሳስተሃል፣ 600 ነው» ማለት ደግሞ ስህተቱን ባለበት ይተወዋል።

የመጀመሪያው ፍንጭ ከሒሳቡ በፊት ይመጣል፤ ጥያቄውን በራስህ ቋንቋ ንገረኝ ማለት ነው። በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ቢናገረው ልዩነት የለውም። እዚህ ላይ ግማሹ ችግር የእንግሊዝኛው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ 480 ከቅናሹ በፊት ይሁን በኋላ ያልለየ ልጅ ሌላ ፍንጭ ከመስማቱ በፊት ይህን ማጥራት አለበት። ሁለተኛው መልሱን በራሱ እንዲፈትሽ ማድረግ ነው፦ «ጫማው 576 ነበር ካልክ፣ እስቲ 20 በመቶውን ቀንስለት።» የ576 20 በመቶ 115.20 ነው፤ ሲቀነስ 460.80 ይቀራል። 480 አልመጣም። ከፍንጮቹ ሁሉ ይህኛው የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ለልጁ ስህተቱን የሚነግረው አስጠኚው ሳይሆን ወረቀቱ ነውና። ብዙዎች እዚህ ደርሰው «ለካ ከ480 ላይ አልነበረም» ይላሉ። ያላለ ሦስተኛው ይሰጠዋል፦ ከመቶው 20 ከተነሳ፣ ገዢው የከፈለው የድሮውን ዋጋ ስንት በመቶ ነው? 80 ካለ 480 የዋጋው 80 በመቶ መሆኑን ያያል፤ 480ን ለ8 ሲያካፍል 10 በመቶው 60 ይሆናል፣ ሙሉው 600።

በፍንጮቹ መካከል ያለው ዝምታ የአሠራሩ አካል ነው፤ ለአስጠኚው የሚከብደውም እሱ ነው። ልጁ ዝም ሲል ቀጣዩን ፍንጭ ማስከተል ይቀናዋል። ያኔ ተማሪው ወረቀቱን ትቶ የአስጠኚውን ፊት ማንበብ ይጀምራል፦ «ይደመር? … ይቀነስ? … እሺ ይካፈል?» ፊቱ እስኪፈታ ይሞክራል። ሌላው ብልሽት ፍንጩ እየጠበበ ሄዶ «480 ሲካፈል ለ8 ስንት ነው?» ላይ መድረሱ ነው። ልጁ 60 ብሎ በትክክል ይመልሳል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፤ ለምን በ8 እንደተካፈለ ያሰበው ግን አስጠኚው ብቻ ነው። ከዚህ የጠበበ ፍንጭ ከመስጠት መልሱን እስከነምክንያቱ ግልጽ አድርጎ መንገር ይሻላል።

ጨርሶ መንገር ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለና። ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት የአልጀብራ ጥናት፣ ለርዕሱ አዲስ የሆኑ ተማሪዎች ጥያቄ ብቻ ተደርድሮላቸው ከሚታገሉ ይልቅ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ እያጠኑ ተመሳሳዩን ቢሠሩ በአጭር ጊዜ እንደሚገባቸው አሳይተዋል። መቶኛ ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ላይ ፍንጭ መደርደር እንቆቅልሽ ማጫወት ነው። ለእሱ አንዱን ጥያቄ ከላይ እስከ ታች ሠርቶ ማሳየት፣ በሁለተኛው የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ መተው፣ በሦስተኛው ግማሹን መተው ያዋጣል። ያም ሆኖ የተሠራ ምሳሌ ማየት ብቻውን አይበቃም። ሚሼሊን ቺና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1989 የፊዚክስ ተማሪዎች ምሳሌ ሲያጠኑ ተከታትለው፣ የተሻለ ውጤት ያገኙት እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተወሰደ ለራሳቸው የሚያብራሩት መሆናቸውን አይተዋል። በሰፈር አስጠኚ ቋንቋ ይህ «እዚህ መስመር ላይ ለምን በ80 ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

መልስ በጽሑፍ ሲሰጥም ያው መርህ ይሠራል። ከወርክሺቱ ጋር ተባዝቶ የሚዞረው የመልስ ወረቀት ብዙ ጊዜ ቁጥር ብቻ ነው፦ 600። በምትኩ እንዲህ ቢጻፍ ለመገልበጥ አይመችም፦ «600 ብር። 480 የድሮው ዋጋ 80 በመቶ ነው። 576 ካገኘህ፣ 20 በመቶውን ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደወሰድክ ተመልከት።» ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው፤ ይህን ለመጻፍ ግን አዘጋጁ የተለመደውን ስህተት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ስለዚህም እንዲህ ያለ የመልስ ወረቀት የሚያዘጋጀው ደብተር ሲያርም የኖረ መምህር ነው።

ተማሪው ገብቶት ይሁን ገልብጦ የሚታወቀው በመንታ ጥያቄ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውም የተቀየረ። ለጫማው ጥያቄ የሚሆነው መንታ ይህ ነው፦ የአንድ ኩንታል እህል ማጓጓዣ 25 በመቶ ጨምሮ 750 ብር ሆነ፤ መጀመሪያ ስንት ነበር? 600 ያለ ልጅ 750 የድሮው ዋጋ 125 በመቶ መሆኑን አውቋል። 562.50 ያለው የ750ን 25 በመቶ ቀንሶ ነው፤ የድሮው ስህተት ተገልብጦ ተመልሷል ማለት ነው። 1,000 ያለው ደግሞ 750ን የዋጋው 75 በመቶ አድርጎ ወስዶታል። የጫማውን እርምጃ በቃሉ ይዟል፤ ዋጋ መጨመሩን ግን አላየም። ይህ የመጨረሻው በቀላሉ ያታልላል። የመጀመሪያውን ጥያቄ አሳምሮ ስለሠራ የገባው ይመስላል፤ መንታው ባይመጣ አይታወቅም።

ችግሩ ጊዜ ነው። አንዱን ጥያቄ እንዲህ መሥራት እስከ ሩብ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ወርክሺቱ ላይ ደግሞ ሃያ ጥያቄ አለ፣ አስጠኚው የሚቆየው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው። የሚያስኬደው መንገድ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጥያቄ መርጦ በፍንጭ መሥራት፣ ተመሳሳዮቹን ለልጁ መተውና ያቃተውን ባዶ እንዲያስቀር መፍቀድ ነው። ባዶ ቦታ ወላጅን ቅር ስለሚያሰኝ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በፍንጭ የተሠራው ጥያቄ አጠገብ በእርሳስ «ፍ» ብሎ ምልክት ማድረግም ይጠቅማል፦ ሰኞ ወረቀቱን የሚሰበስበው መምህር የትኛውን ተማሪው ለብቻው እንደሠራ፣ የትኛውን ክፍል ውስጥ ደግሞ ማንሳት እንዳለበት ከዚያ ያያል።